«መልኳ ምንድን ነው?» እና «የማን ዘር ናት?»

(ይህ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአንድ የሀበሻ ማኅበር የእሑድ ዝግጅት ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። መጨረሻ ላይ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱን ጨምሬያለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ቡናው እየተቆላ ስለሆነ ሽታው ካሸነፋችሁ አልቀየምም።

እኛ ቤት ሁለት ሴቶች ነን። አንድ እናት፣ አንድ አባት። እህቴ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። እህቴ ቀይ ናት። እኔ እንደምታዩኝ ነኝ። ልጅ ሆነን እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠራው እሷን ነበር። «ነይ እስቲ አንቺ ቀይዋ!» ይላታል። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ይልና እናቴን «ይቺስ የናንተው ናት?» ይላታል። አባቴ የተለመደ መልስ ነበረው። «እሷን ስንወልድ መብራት ጠፍቶ ነበር» ይላል። ሁሉም ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር።

ገና ስወለድ አክስቴ ጆሮዬን ገልጣ አየች አሉ። እዚህ ካላችሁት እናቶች ብዙዎቻችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ሕፃን ሲወለድ ገርጣ ይላል፤ ቀለሙ ኋላ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የጆሮው ጫፍና የጥፍሩ ሥር ይታያል። አክስቴ አየችና «ኧረ ይቺ ልትጠቁር ነው» አለች። ማንም ክፉ አልተናገረም። ሕፃኗ ጤነኛ ናት ወይ ከሚለው ጥያቄ አጠገብ ግን ይሄኛውም ጥያቄ ተቀምጦ ነበር።

እንግዲህ ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ነገር ነው። እንግሊዝኛው ከለሪዝም ይለዋል። ቃሉን ያስተዋወቀችው አፍሪካ አሜሪካዊቷ ጸሐፊ አሊስ ዎከር ናት፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ። የአንድ ዘር ሰዎችን በቀለማቸው ብቻ ማበላለጥ ማለት ነው አለች። በአማርኛ «የቀለም አድልዎ» ልንለው እንችላለን። ከዘረኝነት ጋር ይዛመዳል፤ ግን አንድ አይደሉም። ልዩነታቸውን ለማሳየት ከራሳችን ቃላት ልጀምር።

«መልክ» የምንለውን ቃል አስቡት። ሰው ሲጠፋ በቴሌቪዥን የሚነገረውን ታስታውሳላችሁ። «ቁመቱ መካከለኛ፣ መልኩ ጠይም፣ ከቤት ሲወጣ የለበሰው...» እዚህ ላይ መልክ ማለት ቀለም ነው። ደግሞ «መልከ መልካም» እንላለን። «መልክ የላትም» እንላለን። እዚህ ላይ መልክ ማለት ቁንጅና ነው። አንድ ቃል ሁለቱን ይሸከማል። አያቴ «የቆዳ ቀለም» ስትል ሰምቼ አላውቅም። ለእሷ ቀለም የቀሚስና የግድግዳ ነው። የሰው ቀለም መልኩ ነው፤ መልኩም ማማሩ ነው።

መሰላሉንም ታውቁታላችሁ። ቀይ፣ ብስል ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር። የውጭ ሰው ቀይ ስንል ግራ ይጋባል፤ ነጭ የሚባለው ፈረንጁ ነው፣ ቀይ እኛው ነን። በእውነት ለመናገር መሰላላችን ያን ያህል ጨካኝ አይደለም። ዘፋኞቻችን ጠይሟን ሲያሞግሱ ኖረዋል። ችግሩ ያለው ታችኛው ደረጃ ላይ ነው። ጥቁር የሆነች ሴት ፊት ለፊቷ «ጠይም» ትባላለች። በሩን ዘግታ ስትወጣ ነው ጥቁር የምትሆነው። ጠይም ለእሷ የይሉኝታ ቃል ነው።

ይህ አድልዎ መኖሩን የሚያሳይ አንድ ትንሽ ቃል አለች። «ግን» የምትባለዋ። «ጠቆር ትላለች ግን ታምራለች።» ስንቴ ሰምታችኋል? «ቀይ ናት ግን ታምራለች» የሚል ሰውስ ሰምታችኋል? አትሰሙም። «ግን» የምትገባው ሁለት የማይገጥሙ ነገሮች ሲገናኙ ነው። የተናጋሪው አፍ ሙገሳ ነው የያዘው። «ግን» የምትለዋ ቃል ግን የተናጋሪውን ሆድ ታወጣለች። በነገራችን ላይ መኃልየ መኃልይ መጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ልጅቷ ስለ ጥቁረቷና ስለ ውበቷ ስትናገር ብዙ ትርጉሞች «ነገር ግን» አስገብተዋል። የዕብራይስጧ ፊደል «እና» ተብላም ልትነበብ ትችላለች። «ጥቁርም ነኝ፣ ውብም ነኝ።» ግሪክኛው የተረጎመው እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ሌላኛው ቃል ልሂድ፤ ዘረኝነት። እዚህ ላይ ጠንቀቅ እንበል፤ ምክንያቱም ዛሬ አገር ቤት «ዘረኛ» ሲባል ሰው የሚሰማው የብሔር ወገንተኝነት ነው። እኔ አሁን የማወራው ፈረንጁ ሬሲዝም ስለሚለው ነው። ቢሆንም የአማርኛው ቃል ሥሩ ይጠቅመኛል። ዘር። የሚዘራ፣ የሚወረስ፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚሄድ። ዘረኝነት የሚጠይቀው «የማን ዘር ነህ?» ብሎ ነው። የቀለም አድልዎ የሚጠይቀው «መልክህ ምንድን ነው?» ብሎ ነው። ብዙ ጊዜ ለሁለቱም ጥያቄ መልሱ አንድ ስለሚሆን ጥያቄዎቹም አንድ ይመስሉናል። ለመለየት መልሶቹ የማይገጥሙበትን ሰው መፈለግ ነው።

እንደዚህ ያለ ሰው ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ነበር። ሆመር ፕሌሲ ይባላል፤ ጫማ ሠሪ ነው። ከስምንቱ ቅድመ አያቶቹ አንዷ ብቻ ጥቁር ነበረች። ፊቱን ያየ ሰው ነጭ ነው ብሎ ያልፈው ነበር። ሉዊዚያና በ1890 አንድ ሕግ አወጣች። በባቡር ነጭና ጥቁር በተለያየ ፉርጎ ይሳፈር የሚል። የከተማው ጥቁሮችና ክልሶች ኮሚቴ አቋቁመው ሕጉን በፍርድ ቤት ለመፈተን ወሰኑ። ሆን ብለው የመረጡት ፕሌሲን ነው። ለምን? ነጭ የሚመስል ሰው ስለፈለጉ ነዋ።

ጁን 7 ቀን 1892 ፕሌሲ የአንደኛ ማዕረግ ቲኬት ቆረጠና በነጮች ፉርጎ ተቀመጠ። ማንም ቀና ብሎ አላየውም። ቲኬት ተቆጣጣሪው ሲመጣ ዘሩን ነገረው። ውጣ ተባለ። አልወጣም አለ። ታሰረ። ያው ሰው፣ ያው ፊት፣ ያው ወንበር። ከአንድ ዓረፍተ ነገር በፊት መንገደኛ ነበር፤ ከአንድ ዓረፍተ ነገር በኋላ ወንጀለኛ ሆነ። በመሃል የተቀየረው መልኩ አይደለም። ስለ ዘሩ የታወቀው ነገር ነው።

ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። በ1896 ሰባት ዳኞች በአንድ ተቃውሞ ፈረዱበት። «ተለይቶ ግን እኩል» የሚባለው ነገር በዚያ ፍርድ ተደላድሎ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ኖረ። ሰዎች ዘረኝነት ቆዳን ነው የሚያየው ይላሉ። ፕሌሲ ላይ ግን ቆዳው ምንም አልረዳውም። ዘረኝነት ቆዳን የሚያየው እንደ መታወቂያ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ከዋናው መዝገብ ጋር ካልገጠመ የሚያምነው መዝገቡን ነው።

የኛ አገር ማስረጃም አለ። ጣሊያን ኢትዮጵያን በያዘ በዓመቱ፣ ኤፕሪል 1937፣ አንድ ሕግ አወጣ። ጣሊያናዊ ከቅኝ ተገዢ ጋር እንደ ባልና ሚስት ሲኖር ቢገኝ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ይታሰራል። ሕጉ ሴትየዋ ቀይ ናት ወይስ ጠይም ብሎ አልጠየቀም። የአዲስ አበባዋ ቀይ ወይዘሮም፣ ከቆላ የመጣችው ጥቁር ሴትም ለሕጉ አንድ ናቸው። በ1940 ደግሞ የሚወለዱት ክልሶች እንደ ናቲቮ፣ እንደ አገሬው ሰው፣ ይቆጠሩ ተባለ። አንዳንዶቹ ልጆች ከሲሲሊ ገበሬ የማይለዩ ነበሩ። ፋሺስቱ ይህን ሳያይ ቀርቶ አይደለም። መልክ አልነበረም ጥያቄው።

ስለዚህ ዘረኝነት መስመር ያሰምራል። ከመስመሩ ወዲህ ወይም ወዲያ ነህ፤ መሃል የለም። የቀለም አድልዎ ግን መሰላል ነው። መሰላሉ ደግሞ የሚቆመው በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቤት፣ እንደኛ ቤት ደግሞ በሁለት እህትማማቾች መካከል ነው። እኔና እህቴን ዘር ሊለየን አይችልም። በየትኛውም መስመር ብታሰልፉን አንድ ወገን ነን። እንግዳው ግን ለይቶናል።

የሚቀጥለው ታሪክ አሜሪካ ውስጥ ሕጉ ይህን ልዩነት እንዴት እንዳየው ነው። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ በቆዳ ክሊኒክ የምሠራ ነርስ ነኝ። ይህን ፍርድ ያነበብኩት አንዲት ታካሚ «ጥቁር ጥቁርን ይከሳል እንዴ?» ብላ ስለጠየቀችኝ ነው።

የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ፣ ስለ ሥራ በሚናገረው ክፍሉ፣ አሠሪ ሊያበላልጥባቸው የማይችላቸውን ነገሮች ይዘረዝራል። ዘር፣ ቀለም፣ ሃይማኖት፣ ጾታ፣ የትውልድ አገር። ዘርና ቀለም ጎን ለጎን ነው የተጻፉት። ለረጅም ጊዜ ሰው አንድ ነገር በሁለት ቃል የተባለ አድርጎ ያነበው ነበር።

በ1980ዎቹ አትላንታ ውስጥ በፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት የምትሠራ አንዲት ጸሐፊ ከሥራ ተባረረች። ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ ቆዳዋ ግን ፈካ ያለ። አለቃዋም ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ ከእሷ የጠቆረች። ጸሐፊዋ «የጠላችኝ ስለቀላሁ ነው» ብላ ከሰሰች። የመሥሪያ ቤቱ መከራከሪያ ቀላል ነበር። ሁለቱም ጥቁር ናቸው፤ ስለዚህ አድልዎ ሊኖር አይችልም፣ ክሱ ውድቅ ይደረግ።

ፍርድ ቤቱ በ1989 ይህን አልተቀበለም። ነገሩን ስመልሰው እንዲህ ነው፦ ሕግ አውጪው ዘርና ቀለም ብሎ ለይቶ ጽፏል። ሁለቱ አንድ ከሆኑ ሁለተኛውን ቃል ለምን ጨመረው? ቀለም ማለት ቀለም ነው። ስለዚህ የአንድ ዘር ሰዎች በቀለም ሊካሰሱ ይችላሉ። ክሱ ቀጠለ።

ከዚያስ? በ1990 ተሸነፈች። ማስረጃው ተሰማና የተባረረችው በቀለሟ ምክንያት ነው ለማለት አይበቃም ተባለ። ይህን መጨረሻ ብዙ ሰው ሳይናገር ያልፈዋል፤ እኔ ግን ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ያለ ይመስለኛል። በሩ ተከፈተ፤ ማስረጃው ግን ከባድ ነው። በዘር ክስ ቁጥር ማምጣት ይቻላል። መሥሪያ ቤቱ ስንት ጥቁር ቀጠረ፣ ስንት አባረረ፣ ቅጹ ላይ ተጽፏል። የቀለም ቅጽ የለም። ማን ቀይ፣ ማን የቀይ ዳማ እንደሆነ የሚመዘግብ መሥሪያ ቤት የለም። ስለዚህ የቀለም ክስ የሚቆመው በአፍ በተነገረው ነው። ማን ምን አለ፣ ማን ሰማ።

በ2003 እዚያው ጆርጂያ ውስጥ የተዘጋው ሌላ ጉዳይ ይህን ያሳያል። አንድ ጠቆር ያለ የምግብ ቤት ሠራተኛ፣ ቀላ ባለ ጥቁር አለቃው ስለ ቀለሙ በተደጋጋሚ ተሰደበ፤ ለኩባንያው አመለክታለሁ ሲል ተባረረ። የመንግሥቱ የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን ጉዳዩን ይዞለት በ40,000 ዶላር ስምምነት አለቀ። እዚህ ላይ የተነገረው ቃል ነበር።

ልብ በሉ፤ በአትላንታው ክስ አቅጣጫው የተገላበጠ ነው። የጠቆረችው ናት ቀላ ያለችውን በደለች የተባለችው። መሰላል ሲኖር ከላይ ያለውም ከታች ሊገፋ ይችላል። ተራው ነገር ግን ወደ ላይ መውጣት ነው፤ ለዚህ ደግሞ ገበያ አለው።

እዚህ ላይ ወደ ሥራዬ እገባለሁ። ዘረኝነት የሚሸጠው ክሬም የለውም። ፕሌሲ ምን ይቀባ? ከሁሉ ነጭ ነበር። መሰላል ላይ ግን አንድ ደረጃ መውጣት ይቻላል የሚል ተስፋ አለ፤ ነጋዴ ደግሞ ተስፋ ይሸጣል።

ክሊኒክ የሚመጡ ሴቶችን መጀመሪያ የማያቸው እጃቸውን ነው። ፊቱ ቀልቷል፤ የጣት አንጓው ግን ጥቁር እንደሆነ ነው። አንጓ ላይ ያለው ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ክሬሙ እንደ ፊት አይሠራበትም። ጆሮም ብዙ ጊዜ ይረሳል። «የምቀባው የለም፣ ዘይት ብቻ ነው» ትላለች። አንጓዋ ግን ይመሰክራል።

የሚቀባው ብዙ ጊዜ ከሦስት ነገሮች አንዱ ነው፤ አንዳንዴም ተደባልቆ። አንደኛው እንደ ክሎቤታሶል ያለ ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው። ለኤግዚማ በሐኪም ትእዛዝ ለጥቂት ሳምንት የሚሰጥ መድኃኒት ነው። እንደ ፊት ቅባት በየቀኑ ለወራት ሲቀቡት ቆዳውን ያሳሳዋል። ደም ሥር ይታያል፣ ብጉር ይወጣል፣ ጭንና ክንድ ላይ ሸንተረር ይወጣል። ክፋቱ ሲያቆሙት ነው። ፊት ይቀላል፣ ግን የምትፈልገው ዓይነት ቀይ አይደለም፤ እንደ ተቃጠለ ነው። ይለበልባል። ስለዚህ ተመልሳ ትቀባለች፤ ይሻላታል። መድኃኒቱ ራሱ ያመጣውን በሽታ መድኃኒቱ ያስታግሰዋል። ከዚህ ዙሪያ ጥምጥም ለማውጣት ወራት ይፈጃል።

ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ነው። ሐኪም ለማድያት ያዝዘዋል፤ በልኩና ለተወሰነ ጊዜ። እዚህ አገር ከ2020 ወዲህ ያለ ማዘዣ መሸጥ አይፈቀድም። ለዓመታት ሲቀቡት በአንዳንድ ሰው ጉንጭ ላይ ሰማያዊ የመሰለ ጥቁር ነጠብጣብ ያመጣል። ለመቅላት የገባችበት ነገር አጠቆራት ማለት ነው። ያ ጥቁረት ደግሞ በቀላሉ አይለቅም።

ሦስተኛው ሜርኩሪ ነው። ቆዳ ቀለም እንዳይሠራ ያግዳል፤ ግን በቆዳ ገብቶ ኩላሊት ይጎዳል። ከሚቀባው ሰው አልፎ ትራሱንና ፎጣውን ለሚጋራው፣ ለምታቅፈው ልጇም ይደርሳል። በጥቅሉ ላይ «ሜርኩሪ» ተብሎ ላይጻፍ ይችላል። «ካሎሜል» የሚል ካያችሁ ያው ነው። ጭራሽ የተሠራበት ነገር ያልተጻፈበት ማሰሮ ደግሞ ከሁሉም ይባስ። ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ አትደብቁን። አንቆጣም። ምን እንደተቀባ ካላወቅን ማከም አንችልም።

አሁን እስካሁን ያልኩትን ትንሽ ላበላሸው። ዘር እና መልክ ለየብቻ ናቸው አልኩ። እኛ አገር ግን የተጣበቁበት አንድ ቃል አለ። «ባሪያ።»

አሜሪካ ውስጥ የቀለም መሰላሉ የባርነት ልጅ እንደሆነ ብዙ ተጽፏል። ጌታው ከባሪያይቱ የወለዳቸው ቀላ ያሉ ልጆች አንዳንዶቹ ነጻ ወጡ፣ ሙያ ተማሩ። ቻርልስተን ውስጥ በ1790 እነዚህ ሰዎች የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፤ ብራውን ፌሎውሺፕ ይባላል፤ ጠቆር ያለ በቀላሉ አይገባበትም ነበር። እኛ አገር ነጭ ጌታ አልነበረም። ስለዚህ አንዳንዱ «ይሄን ፈረንጅ ነው ያመጣብን» ይላል። ክሬሙን ፈረንጅ አምጥቶት ይሆናል። መሰላሉ ግን የኛው ነው። የደጋው ሰው ከምዕራብና ከደቡብ ጠረፍ ሰው እየፈነገለ ሲሸጥና ሲያሠራ ኖሯል። ባርነትን በሕግ የሻረው የ1942ቱ አዋጅ ነው። አያቶቻችን ያኔ ነበሩ። ጥቁረት ከሎሌነት ጋር የተያያዘው በዚያ ነው።

እንግዲህ ፈተናችንን በዚህ ቃል ላይ እንሞክረው። የቤተ እስራኤል ሰዎች ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላ ታሪካቸውን ያጠኑ ሰዎች አንድ ነገር መዝግበዋል። በማኅበረሰቡ ውስጥ «ጨዋ» እና «ባሪያ» የሚባል ክፍፍል ነበር። ጨዋው ራሱን ቀይ ይላል፤ ሌላውን ጥቁር። ግን ቀይ የተባለው ሁሉ ቀይ አልነበረም፤ ጥቁር የተባለውም እንዲሁ። ጠቆር ያለ ጨዋ ቀይ ነው፤ ቀላ ያለ የባሪያ ልጅ ጥቁር ነው። የሚያወራው የመልክ ቃል ነው፤ የሚጠይቀው ግን የዘር ጥያቄ ነው። ይህ የቀለም አድልዎ አይደለም። ሉዊዚያና ባቡር ላይ ካየነው ነገር ጋር ዘመድ ነው። የሚገርመው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ጨዋውም ባሪያውም እስራኤል ሲደርሱ አየር ማረፊያው ላይ ለሌላው ሕዝብ ሁለቱም ጥቁር ሆኑ።

አባቴ ቤት ግን ተቃራኒው ነበር። ዘሬን ማንም አልጠረጠረም። በእናትም በአባትም እታወቅ ነበር። አንዳንድ አጎቶቼ ግን ሲቀልዱ «ይቺ ባሪያ» ይሉኝ ነበር፤ እህቴን አይሏትም። የዘርን ስድብ ተውሰው ለመልክ ተጠቀሙበት። ቀልድ የሆነው ለዚያ ነው፤ እውነት እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። ቀልዱን ለመሥራት ግን አንድ እውነተኛ ሰው አንድ ጊዜ በእውነት እንደዚያ መባል ነበረበት።

ከዚህ በላይ ብናገር ቡናው ይበርዳል። ጥያቄ ካለ።

ጥያቄ፦ (አንድ በዕድሜ የገፉ አባት) ልጄ፣ ጥሩ ተናግረሻል። ግን ቀይ፣ ጠይም ማለት እኮ መለያ ነው። ሁለት አበበ ካለ «ጥቁሩ አበበ» ካላልኩ በምን ልለየው?

መልስ፦ ልክ ነዎት ጋሼ። መለያ መሆኑን አልካድኩም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሁለት አበበ ሲኖር ስም የሚጨመርለት የትኛው ነው? ብዙ ጊዜ አንዱ አበበ ነው፣ ሌላው ጥቁሩ አበበ። «ቀዩ አበበ» የሚባልም አለ፣ አውቃለሁ። ቀዩ ሲጠራ ግን ጉንጩን ሲነፋ አይተው ያውቃሉ? ጥቁሩስ ሲጠራ እንዴት ይሆናል? መለያ ከሆነ ሁለቱም እኩል ይሰሙት ነበር። (ጋሼ ሳቁና «እኔው ነኝ ጥቁሩ» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበላቸው።)

ጥያቄ፦ (እዚህ የተወለደች፣ አሥራ አራት ዓመት ገደማ) ትምህርት ቤት ብላክ ነኝ። ቤት ስመጣ «አንቺ ሀበሻ ነሽ፣ ጥቁር አይደለሽም» ይሉኛል። የቱ ነው ትክክሉ?

መልስ፦ ሁለት የተለያየ ጥያቄ ነው የሚጠይቁሽ። እንግሊዝኛው ብላክ የዘር ቃል ነው። ሱቅ ውስጥ የሚከተልሽ ዘበኛ ሀበሻ መሆንሽን አያውቅም፤ ቢያውቅም ግድ የለውም። ለእሱ ቀይዋ እህትሽም አንቺም አንድ ናችሁ። የአማርኛው ጥቁር የመልክ ቃል ነው፤ ቤት ውስጥ የሚጠራሽ በዚያ ነው። ቤተሰቦችሽ «ጥቁር አይደለሽም» ሲሉ ግን ሁለቱን እያደባለቁ ነው። አንዳንዴ «ከነዚያ አይደለሽም» ማለታቸው ነው፤ ያ የዘር መልስ ነው፤ ለዘበኛውም አይሠራም። አንዳንዴ ደግሞ ሊያጽናኑሽ ነው።

ልጅቷ አልተቀመጠችም። «እህቴን ግን ቀይዋ ይሏታል» አለች።

ከኋላ ወንበር እናቷ፣ «ቀይ ስለሆነች ነዋ!» አሉ። ሰው ሳቀ።

ልጅቷ ዞር ብላ፣ «እኔስ እማ?» አለች።

እናትየው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «አንቺማ ጠይም ነሽ» አሉ።

በኋላ ቡና ስንጠጣ ልጅቷ አጠገቤ መጥታ ክንዷን ከክንዴ ጎን አድርጋ አየችው። ከኔ ትጠቁራለች።